የዲፌንስ ስላይዶቼን ወደ ጥያቄና መልስ ማውጫ እንዴት ልቀይራቸው?

ሳቢያን_ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ። የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ ዲፌንሴ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ጥናቱ በድሬዳዋ ከተማ ቤተሰቦች ደንጊ ትኩሳትን ለመከላከል ምን እንደሚያደርጉ የሚያይ ነው። 24 ስላይድ አለኝ። የምፈልገው ከእነዚህ ስላይዶች ተነስቼ ፈታኞቹ ሊጠይቁኝ የሚችሉትን ከነመልሱ የያዘ ማውጫ ማዘጋጀት ነው። በፓወርፖይንት `File` > `Save As` ገብቼ `Outline/RTF` ብዬ አወጣሁት። ወርድ ላይ ስከፍተው ግን ግማሹ የለም፤ ሰንጠረዦቹም የናሙና ስሌቱም ጠፍተዋል።

ጥናቱ ባጭሩ ይህን ይመስላል። ከ9ኙ የከተማ ቀበሌዎች 3ቱ በዕጣ ተመረጡ። ናሙናው 384፣ በዲዛይን ኢፌክት 1.5 ተባዝቶ 576፣ 10% ተጨምሮበት 634 ቤተሰብ ሆነ። 603 መለሱ። 10 የመከላከል ጥያቄዎች ነበሩ፤ ከአማካዩ በላይ ያገኘ «ጥሩ» ተባለ፣ 271 ሰው ወይም 44.9%። ዋናው ውጤቴ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ትምህርት ያገኙ ቤተሰቦች የተሻለ ይከላከላሉ የሚል ነው። (ቁጥሮቹን ለዚህ ውይይት ለዋውጫቸዋለሁ፤ እርስ በርሳቸው ግን ይገጥማሉ።)

ነፋስ_ከዚራ

24 ስላይድ ለ20 ደቂቃ ይበዛል። ወደ 15 አውርጂው። መግቢያው ሁለት ስላይድ ይበቃዋል፣ ዓላማው አንድ፣ የሥነ ጽሑፍ ዳሰሳውን ሙሉ በሙሉ አውጪው። በአንድ ስላይድ ከስድስት መስመር በላይ አትጻፊ።

ሳቢያን_ማዶ

አመሰግናለሁ፣ ግን ጥያቄዬ ስላይድ ስለ መቀነስ አይደለም። ንግግሬን ከጨረስኩ በኋላ ስላለው ሰዓት ነው።

የአሸዋው መምህር

እህቴ፣ መጀመሪያ የጠፋውን ነገር እንጨርስ። `Outline/RTF` የሚያወጣው በስላይዱ ርዕስና በዋናው የጽሑፍ ሣጥን ውስጥ የተጻፈውን ብቻ ነው። በ`Insert` በኩል ለብቻው ያስገባሽው የጽሑፍ ሣጥን፣ ሰንጠረዥ፣ ግራፍ፣ እንደ ሥዕል የተለጠፈ ስሌትና ከስላይዱ ሥር የጻፍሽው ማስታወሻ አብሮ አይወጣም። ማስታወሻዎቹን ከፈለግሽ `File` > `Export` > `Create Handouts` ብለሽ ወደ ወርድ ላኪያቸው። ሰንጠረዦቹን ግን በእጅ አስገቢ። ደግሞ የጠፉት ነገሮች ብዙ ጥያቄ የሚነሳባቸው እነሱው ናቸውና በእጅ መጻፍሽ አይጎዳሽም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ፈታኙ ስላይድሽን ያነበበ ሰው አይደለም። ያነበበው ቴሲሱን ነው፤ በእርሳስ አስምሮ፣ ጎን ላይ ምልክት አድርጎ፣ ገጽ አጥፎ ይመጣል። ስላይዱ የቴሲሱ ጭማቂ ስለሆነ የተጻፈበት ነገር አልቆለታል፤ ጥያቄ የሚመጣው ስላይዱ ከተወው ነው። ስለዚህ «ይህ ስላይድ ምን ይላል?» ብለሽ ማውጫ ከሠራሽ አቀራረቡን ደግመሽ ትጽፊዋለሽ እንጂ ጥያቄ አታገኚም።

ለእያንዳንዱ ስላይድ ሦስት ነገር ጠይቂ። እዚህ ምን ወሰንኩ? ሌላ ምን መወሰን ይቻል ነበር? የወሰንኩበት ምክንያት ቴሲሱ ውስጥ የት ገጽ ላይ ነው? ውሳኔ የሌለበት ስላይድ ጥያቄ የለውም፣ እለፊው። የርዕስ ስላይድና የምስጋና ስላይድ ላይ ጊዜ አታጥፊ። የናሙና ስላይድሽ ግን ከነገርሽን ብቻ ስድስት ውሳኔ አለበት፦ 50%፣ 5%፣ 1.5፣ 10%፣ ሦስት ቀበሌ፣ ዕጣ። ስለዚህ ማውጫው እኩል አይከፋፈልም። ከ24ቱ ስላይድ ምናልባት 8ቱ ጥያቄውን በሙሉ ይሸከማሉ።

ወርድ ላይ የስላይዱን ስም `Heading 1`፣ ጥያቄውን `Heading 2` አድርጊው። ከሥሩ አራት አጭር መስመር ብቻ፦ መልሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ማስረጃው ከነገጹ፣ የመልሱ ገደብ፣ የሚከፈተው ስላይድ። በዚህ መንገድ ከተጻፈ `Outline View` ላይ ሆነሽ መልሱን አጥፈሽ ጥያቄውን ብቻ እያየሽ ራስሽን መፈተን ትችያለሽ።

ነገሩ_ቀላል

ይህን ሁሉ አታወሳስቡባት። የሚጠየቀው ሁሌም አንድ ነው። 60 ጥያቄ ጻፊ፣ መልሱን ሙሉ በሙሉ ጻፊና በቃል ያዢ። የናሙና መጠን ሲጠየቅ «ቀደም ያለ ጥናት ስለሌለ 50% ወሰድን፣ ትልቁን ናሙና ስለሚሰጥ፤ ለማይመልሱ 10% ጨመርን» ማለት ነው፣ አለቀ። ሞዴሉ ሲጠየቅ ደግሞ «ሆስመር ሌምሾው ከ0.05 በላይ ስለሆነ ሞዴሉ ትክክል ነው»። እነዚህን የያዘ ሰው አይወድቅም።

ባዮስታት_ለገሃሬ

ነገሩ_ቀላል ወንድሜ፣ ግማሹ ልክ ነህ። 50% ትልቁን ናሙና መስጠቱ እውነት ነው፤ በ5% ስህተትና በ95% መተማመን 384.16 ይመጣል፣ 30% ቢሆን ግን 323 ይበቃ ነበር። ችግሩ «ቀደም ያለ ጥናት ስለሌለ» የሚለው ላይ ነው። በውይይት ምዕራፏ ላይ ውጤቷን ከሌሎች ጥናቶች ጋር አወዳድራ ከሆነ፣ ፈታኙ ያን ገጽ ገልብጦ «እነዚህ ታዲያ ምንድን ናቸው?» ይላል። ስለዚህ መልሱ «አልነበረም» መሆን የለበትም። «ነበሩ፤ ግን መከላከልን የለኩበት ጥያቄና መቁረጫ ከእኔ ይለያል፤ ስለዚህ ሰፊውን ናሙና የሚሰጠውን 50% መረጥኩ» ነው መባል ያለበት፣ እውነት ከሆነ።

10% የተባለውም እንደሚመስለው አይደለም። 576 ላይ 10% ሲጨመር 634 ይሆናል። በትክክል 10% ሰው ባይመልስ 570 ገደማ ይቀራል፣ ከ576 በታች። ለማይመልሱ ማካካስ የፈለገ ሰው 576ን ለ0.9 ነው የሚያካፍለው፣ 640 ይመጣል። ልዩነቱ ስድስት ቤተሰብ ነው፣ ጥናት አይጥልም፤ ግን አንዳንድ ፈታኝ ይወደዋል። መልሱ አንድ መስመር ነው፦ «መደመሩ የተለመደው አሠራር ስለሆነ ተጠቀምኩ፤ 603 ስለተመለሰ ከሚያስፈልገው 576 በላይ አግኝቻለሁ።»

ሆስመር ሌምሾውን በተመለከተ፣ ከ0.05 በላይ መሆኑ ሞዴሉ ትክክል መሆኑን አያሳይም። ከመረጃው ጋር ግልጽ አለመግጠም አልተገኘም ማለት ብቻ ነው። «ትክክል ነው» ካልሽ ቀጣዩ ጥያቄ ራስሽ የጋበዝሽው ነው።

የአሸዋው መምህር

60 ጥያቄ በቃል መያዝ ላይ አልስማማም። የሚበላሸው እንዲህ ነው፦ ፈታኙ ጥያቄውን ካጠናሽው ትንሽ ለወጥ አድርጎ ይጠይቃል፤ አእምሮሽ የሚቀርበውን የተሸመደደ መልስ ይመዛል፤ ያልተጠየቀውን ትመልሻለሽ። ፈታኙም «ጥያቄዬን አልመለስሽም» ይላል፣ እዚያው ላይ ቁጭ ይላል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብቻ በቃል ይያዝ። የቀረው ነጥብ ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ያንን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፊው። እዚህ በአማርኛ ነው የምናወራው፣ ጥያቄው ግን በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው። ሐሳቡን በአማርኛ ይዞ እዚያው ቆሞ መተርጎም ነው ብዙ ሰው የሚያንተባትበው።

ሳቢያን_ማዶ

እሺ። ስላይድ 9 ናሙናው ነው፣ በመምህር መንገድ ሞከርኩት። እባካችሁ እዩልኝ፦

ጥያቄ፦ ዲዛይን ኢፌክቱን ለምን 1.5 አደረግሽው?
መልስ፦ ናሙናው ብዙ ደረጃ ያለው ስለሆነ።
ማስረጃ፦ ገጽ 21።
ገደብ፦ —
ስላይድ፦ 9

ገደቡን ምን ልበል አላወቅሁም።

ባዮስታት_ለገሃሬ

ጥሩ ቦታ ላይ ነው የቆምሽው፤ እዚህ ጥናት ላይ ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። መልስሽ ዲዛይን ኢፌክት ለምን እንዳስፈለገ ይናገራል እንጂ ለምን 1.5 እንደሆነ አይናገርም። የተጠየቀው ሁለተኛው ነው።

ቀመሩ እንዲህ ነው፦

```
DEFF = 1 + (m - 1) × ICC
```

`m` በአንድ ክላስተር የተወሰደው ቤተሰብ ብዛት ነው። `ICC` በአንድ ቀበሌ ያሉ ቤተሰቦች ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ የሚያሳየው ቁጥር ነው። አንቺ 634 ቤተሰብ ከ3 ቀበሌ ወስደሻል፣ በአንዱ 211 ገደማ። `DEFF` 1.5 እንዲሆን `ICC` 0.0024 መሆን አለበት፤ የአንድ ቀበሌ ቤተሰቦች ከሌላ ቀበሌ ቤተሰቦች ጋር ከሚመሳሰሉት በላይ እርስ በርሳቸው ከሞላ ጎደል አይመሳሰሉም እንደማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ አንድ ቀበሌ ሙሉ በርሜልና ሮቶ ሞልቶ በሚያስቀምጥበት ቦታ ይህን ማመን ይከብዳል። `ICC` 0.02 ብቻ ቢሆን እንኳ `DEFF` 5.2 ይሆናል፤ 603 ቤተሰብሽ በዕጣ በቀጥታ ከተመረጡ 116 ቤተሰቦች የማይበልጥ መረጃ ይዘዋል ማለት ነው። ከ9 ቀበሌ 3ቱ መወሰዳቸው ይህን ትንሽ ያለዝበዋል፣ አያጠፋውም።

አሁን ማስተካከል አይቻልም፣ ናሙናው ተወስዷል። በኮምፒውተርም ቢሆን ሦስት ክላስተር ብቻ ይዞ ማረም አያስተማምንም፤ የስህተት ስሌቱ ራሱ ብዙ ክላስተር ይፈልጋል። ስለዚህ ገደቡ ላይ የሚጻፈው ይህ ነው፦ «1.5 የተወሰደው በተለመደው አሠራር ነው። በአንድ ቀበሌ የተወሰደው ቤተሰብ ብዙ ስለሆነ እውነተኛው ኢፌክት ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። በዚህም የኮንፊደንስ ኢንተርቫሎቼ ከሚገባው ጠበው ወጥተው ይሆናል፤ ለድንበር የቀረቡትን ውጤቶች በጥንቃቄ ነው የማነበው።» ይህን የሚል ተማሪ ነገሩ ገብቶታል። 1.5ን የሚከራከርለት ግን ወጥመድ ውስጥ ይገባል።

ነፋስ_ከዚራ

ይህን ራሷ ካነሳችው ፈታኙ ያላየውን ስህተት አላሳየችውም?

ባዮስታት_ለገሃሬ

አታነሳውም። ሲጠየቅ ነው የሚመለሰው። ማውጫ የሚሠራው ለዚያ ነው።

ጀጎል_ሥር

ሰላም ከሐረር። የኔ ቃለ መጠይቅ ነው፣ ቁጥር የለበትም። ጀጎል ውስጥ ከሴቶች አፎቻ አባላት ጋር የተደረገ ውይይት ነው፣ ስላይዶቼ በአብዛኛው የሰዎች ንግግር ጥቅሶች ናቸው። ይህ «ውሳኔ ፈልጊ» የሚባለው ለኔም ይሠራል? ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

የአሸዋው መምህር

ይሠራል፣ ውሳኔው ሌላ ቦታ ነው ያለው እንጂ። ስላይድ ላይ ያለ ጥቅስ ሁሉ ምርጫ ነው። ይህ ጥቅስ ለምን ተመረጠ? ከተሳታፊዎቹ ስንቶቹ እንዲህ አሉ? በተቃራኒው የተናገረ ማን ነበር፣ እሱስ ቴሲሱ ውስጥ የት አለ? ከእያንዳንዱ ጥቅስ ሥር እነዚህን ሦስት ጻፊ። ሦስተኛው መልስ ከሌለው ጥሬ ጽሑፉን ተመልሰሽ ፈልጊ፤ ሁሉም ሰው አንድ ነገር የተናገረበት ጥናት ፈታኝን ያጠራጥራል።

ትርጉሙን አትርሺ። ውይይቱ በሐረሪ ወይም በኦሮምኛ ተደርጎ ጥቅሱ እንግሊዝኛ ከሆነ፣ ማን ተረጎመው፣ ማንስ አየው የሚለው የማይቀር ነው። መቼ ማቆም እንዳለብሽ በምን አወቅሽ የሚለውም እንዲሁ፤ «አዲስ ነገር ስለጠፋ» ብቻ አትበይ፣ ስንተኛው ውይይት ላይ እንደጠፋና ከዚያ በኋላ ስንት እንደጨመርሽ ተናገሪ። አዲስ ክር ክፈቺበት፣ የእህታችንን እንጨርስ።

ሳቢያን_ማዶ

ስላይድ 16 ዋናው ውጤት ነው። «ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ትምህርት ያገኙ ቤተሰቦች ካላገኙት 2.26 እጥፍ የተሻለ ይከላከላሉ» ይላል። ትምህርት ካገኙት 148 ቤተሰቦች 89ኙ፣ ካላገኙት 455 ደግሞ 182ቱ ጥሩ ናቸው። 2.26 ሌሎቹ ነገሮች ሳይታረሙ የወጣው ኦድስ ሬሾ ነው፣ የታረመውም ቅርብ ነው። እዚህ ምን ይጠየቃል?

ባዮስታት_ለገሃሬ

ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ይጠየቃል። 89ን ለ148 ስታካፍዪ 60% ነው። 182ን ለ455፣ 40%። 60 ለ40 አንድ ተኩል እጥፍ ነው እንጂ 2.26 እጥፍ አይደለም። 2.26 የኦድሱ ንጽጽር ነው፦ 89 ለ59 ሲካፈል 1.51፣ 182 ለ273 ሲካፈል 0.67፣ የሁለቱ ንጽጽር 2.26። ውጤቱ ብርቅ ሲሆን ሁለቱ ቁጥሮች ይቀራረባሉ፤ እንደ አንቺ 45% ሰው ያለው ነገር ሲሆን ግን ይራራቃሉ። ስላይዱ ላይ «ጥሩ የመከላከል ኦድሳቸው 2.26 እጥፍ ነው» ብለሽ አርሚው፣ ሥሩ ላይ 60% እና 40%ን አስቀምጪ። መቶኛው ካለ ሰው አይሳሳትም።

ፈታኙ «ለምን ፕሪቫለንስ ሬሾ አልተጠቀምሽም?» ካለ፣ መልሱ «ሎጂስቲክ ሪግሬሽን በመስኩ የተለመደና ሁለት ምርጫ ላለው ውጤት ተገቢ ስለሆነ፤ ውጤቱ ብዙ ሰው ላይ ስለተገኘ ግን ኦድስ ሬሾው ግንኙነቱን አጉልቶ ያሳያል፤ ባልታረመው ስሌት ፕሪቫለንስ ሬሾው 1.5 ነው» ነው። ስታታ ካለሽ የታረመውንም በአንድ መስመር ታገኚዋለሽ፦

```
poisson practice i.hew i.educ i.water, irr vce(robust)
```

የተለዋዋጮቹን ስም በራስሽ ተኪ። አውጥተሽ ወረቀት ላይ ያዢው።

የአሸዋው መምህር

እዚህ ላይ ትንሽ እንለያያለን። ከቴሲሱ ውጭ የሆነ አዲስ ትንተና ይዞ መግባት «ታዲያ ለምን ቴሲሱ ውስጥ የለም? አማካሪሽ ያውቃል?» የሚል ጥያቄ ያመጣል። 1.5 ቴሲሱ ውስጥ ካለው ሰንጠረዥ በእጅ የሚወጣ ስለሆነ ችግር የለውም። የታረመውን ግን ለአማካሪዋ ሳታሳይ ባታነሳው እመርጣለሁ።

ባዮስታት_ለገሃሬ

ለአማካሪዋ ታሳይ፣ በዚያ እስማማለሁ። ግን ይዞ መግባቱ ይሻላል ባይ ነኝ። ፈታኙ ከጠየቀ ማሻሻያ ብሎ መጻፉ ስለማይቀር፣ ተሠርቶ ማየቱ ማሻሻያውን ትንሽ ያደርገዋል።

የአሸዋው መምህር

ይሁን፣ በዚህ ላይ ፈታኙ ይለያያል። ወደ ሌላ ልሻገር፦ «ጥሩ» እና «ደካማ» የሚለውን በአማካይ መቁረጥሽ።

ነጥብን በአማካዩ ከቆረጥሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ አካባቢ ሰው «ጥሩ» ይሆናል፤ ከተማው ሁሉ ቢከላከልም ባይከላከልም። ስለዚህ 44.9% ስለ ድሬዳዋ የሚናገረው ነገር ጥቂት ነው፣ ብዙውን የሚናገረው ስለ መቁረጫሽ ነው። ከዚያም ውይይትሽ ላይ «ይህ ውጤት ከሌላ ቦታ ጥናት ያነሰ ነው» ካልሽ፣ ያኛው ጥናትም በራሱ አማካይ የቆረጠ ከሆነ ንጽጽሩ ይወድቃል። ገጹን ፈልጊና ምልክት አድርጊበት፣ ይጠየቃል።

መልሱ፦ «አማካይን የተጠቀምኩት ለመጠይቁ የተረጋገጠ መቁረጫ ስላላገኘሁ ነው፤ በቤተሰቦቹ መካከል ያለውን ልዩነት ለማየት እንጂ የከተማውን ደረጃ ለመመዘን አላዋልኩትም።» ከዚያ ደግሞ ነጠላ ጥያቄዎቹን አምጪ። ውሃ መያዣ ሁሉ ክዳን አለው ያሉት ስንት ናቸው? በየሳምንቱ አጥበው የሚሞሉት ስንት ናቸው? ይህ ከአማካዩ ነጻ የሆነ ቁጥር ነው፤ የጤና ቢሮ ሰውም የሚፈልገው እሱን ነው። ያን ሰንጠረዥ የመጠባበቂያ ስላይድ አድርጊው።

ሳቢያን_ማዶ

አሥሩ ጥያቄዎች ውስጥ ክዳን፣ ማጠብ፣ አሮጌ ጎማና ጣሳ ማስወገድ፣ መስኮት ላይ ወንፊት፣ ረጅም እጅጌ፣ የሚቀባ መከላከያ፣ ሌሊት አጎበር፣ የቤት ውስጥ ርጭት፣ የግቢ ጽዳት፣ ቶሎ ሕክምና መሄድ አሉ።

ነፋስ_ከዚራ

ሌሊት አጎበር? የደንጊ ትንኝ ቀን አይደለም እንዴ የምትናከሰው?

የአሸዋው መምህር

አዎ፣ ጥሩ አየህ። ኤዴስ ኢጅፕታይ በዋናነት ቀን ነው የምትናከሰው፣ በተለይ ጠዋትና ወደ ማታ ገደማ። ስለዚህ ሌሊት አጎበር ውስጥ መተኛትን ለደንጊ መከላከያ ነጥብ መስጠት ይጠየቃል። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው፤ ወባ የምታስተላልፈው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትፈለፈለው እዚያው በርሜልና ሮቶ ውስጥ ነው፣ ለእሷ የሌሊት አጎበር ይጠቅማል። ቤተሰቡ አጎበር የሚጠቀመው ለወባ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ መጠይቅሽ ሁለቱን አይለይም።

ለዚህ ጥያቄ የሚያዋጣው ያለ አጎበሩ በ9 ጥያቄ ነጥቡን ደግሞ ማስላትና ዋናው ውጤት መቆየት አለመቆየቱን ማየት ነው። ከቆየ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ካልቆየ ከዲፌንሱ በፊት ለአማካሪሽ መንገር አለብሽ። ሌላ ደግሞ፦ ክዳኑን አይታችሁ ነው ወይስ «አለን» ስላሉ? ሰው ለጤና ሠራተኛ የሚመስል ጠያቂ ሲመጣ የሚወደደውን ይመልሳል። ከኤክስቴንሽን ባለሙያ የተማረው ቤተሰብ ደግሞ የሚወደደው መልስ የትኛው እንደሆነ ያውቃል። ይህ ዋናውን ውጤትሽን በቀጥታ ይነካል፣ ማውጫሽ ውስጥ ስላይድ 16 ሥር ይግባ።

ሳቢያን_ማዶ

በቃል ነው የተጠየቀው፣ አልታየም። ገደቡ ላይ ጻፍኩት። አንድ ያስደነገጠኝ ነገር አለ፦ ስላይድ 12 ላይ 603 ነው፣ የሪግሬሽኑ ሰንጠረዥ ሥር ግን 597 ይላል።

ባዮስታት_ለገሃሬ

ስድስቱ ከሪግሬሽኑ ተለዋዋጮች በአንዱ ላይ መልስ የጎደላቸው ናቸው፤ ፕሮግራሙ አንድ ነገር የጎደለውን ሰው ሙሉ በሙሉ ይጥለዋል። የእያንዳንዱን ተለዋዋጭ ጉድለት ቁጠሪ፣ ብዙ ጊዜ ገቢ ነው። ማውጫው ላይ «603 መለሱ፤ 6ቱ ገቢያቸውን ስላልተናገሩ ሪግሬሽኑ በ597 ነው» ብለሽ ጻፊ፣ የጎደለው ገቢ ከሆነ። ይህን መሰል ልዩነት ለማግኘት ስላይዶቹ ላይ ያለውን ቁጥር ሁሉ አንድ በአንድ ከቴሲሱ ጋር አስተያዪ። ስላይዱ የተሠራው ከአሮጌ ረቂቅ ከሆነ ልዩነት አይጠፋም።

የአሸዋው መምህር

ሲያስተያዩ የሚከፈተው የገባው ፒዲኤፍ ይሁን። የወርዱ ፋይል በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ፎንት ይለወጥና ገጽ ይንሸራተታል፤ አንቺ 21 ያልሽው በፈታኙ ኮፒ 23 ሊሆን ይችላል።

ከዚሁ ጋር፣ ማውጫሽን በስላይድ ቅደም ተከተል ብቻ አትተዪው። ፈታኙ «ስላይድ 9» አይልም፣ «ገጽ 21 ላይ» ነው የሚለው። በመጨረሻ አንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓምድ ሥሪ፦ ግራው የቴሲሱ ገጽ፣ ቀኙ የማውጫሽ ጥያቄና ስላይድ። ገጽ 21 ሲባል ዓይንሽ ወዲያው ይወርዳል። ይዘሽ የምትገቢው ይህን አንድ ገጽና ሁለት ገጽ ማውጫ ነው። ከዚያ የረዘመ ወረቀት ቆሞ መገልበጥ ያመጣል፣ ዝምታው ይረዝማል።

ሳቢያን_ማዶ

የመጠባበቂያ ስላይዶቹንስ የት ላድርጋቸው? ሦስት ሆኑ፦ የነጠላ ጥያቄዎቹ ሰንጠረዥ፣ ያለ አጎበር የተሰላው፣ የናሙናው ስሌት በሙሉ።

ነፋስ_ከዚራ

ከምስጋናው ስላይድ በኋላ አድርጊያቸው፣ ከዚያ `Slide Show` > `Hide Slide`። ስታቀርቢ አይመጡም። ሲጠየቅ ቁጥሩን ጽፈሽ `Enter` ነው፤ 26 ብለሽ ብትጫኚ ወደ 26 ይሄዳል፣ ተደብቆም ቢሆን። ለዚህ የስላይድ ቁጥሮቹ ማውጫው ላይ መጻፍ አለባቸው። ከጨረስሽ በኋላ ስላይድ ከጨመርሽ ወይም ከሰረዝሽ ቁጥሮቹን ደግመሽ እዪ።

ነገሩ_ቀላል

አንዳንድ ሰብሳቢ ግን ከቀረበው ውጭ ስላይድ መክፈት አይፈቅድም።

የአሸዋው መምህር

እውነት ነው፣ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ስለዚህ አስቀድሞ የክፍሉን አስተባባሪ መጠየቅ ነው። ካልተፈቀደ ሦስቱን በወረቀት አትሚያቸው፤ ማውጫው ላይ ያለው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገርም ያለ ስላይዱ ራሱን ችሎ የሚቆም መሆን አለበት።

ሳቢያን_ማዶ

ነገ እጠይቃለሁ። ያለ አጎበሩ ያለውን ስሌት ዛሬ ማታ እሠራና ውጤቱን እዚሁ አስቀምጣለሁ። 597ቱን አሁን ቆጠርኩት፦ አራቱ ገቢ፣ ሁለቱ የትምህርት ደረጃ ነው የጎደላቸው።

ባዮስታት_ለገሃሬ

እንግዲያው «6ቱ ገቢያቸውን ስላልተናገሩ» የሚለውን አርሚው። አራትና ሁለት በይ። ስድስቱ ከየትኛው ቀበሌ እንደሆኑም እዪልኝ፤ ስድስቱም ከአንድ ቀበሌ ከሆኑ ጥያቄው ሌላ ነው።